ኃጢአትን በስሙ መጥራት

ወደ ንስሓ አባቱ የሚቀርብ ሰው ብዙ ጊዜ «በማወቅም ባለማወቅም በድያለሁ» ብሎ ይጀምርና በዚያው ይፈጽማል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ለሰው ሁሉ የሚስማማ ስለ ሆነ የማንንም ቍስል ለይቶ አያሳይም። ካህኑም ያልተገለጠለትን በደል መዝኖ ተገቢውን ቀኖና ለመስጠት ይቸገራል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንዲት እመቤት የወርቅ ቀለበት ጠፋባትና ሠራተኛዋን ጠረጠረች። በጎረቤቶች ፊት «ሌባ» ብላ ሰደበቻት፤ የ2 ወር ደመወዟንም ከልክላ አባረረቻት። ከጥቂት ቀን በኋላ ቀለበቱ ከገዛ ሣጥኗ ተገኘ። እመቤቲቱም አፍራ ዝም አለች፤ እነሆ 3 ሳምንት ሆነ።

ይህች እመቤት ማታ ብቻዋን ተቀምጣ ኅሊናዋን ስትመረምር በመጀመሪያ የሚመጣላት ቃል «ሠራተኛዬን አስቀይሜአለሁ፤ ግን እርሷም አፈኛ ነበረች» የሚል ነው። አንባቢ ሆይ፥ «ግን» ከሚለው ቃል ጀምሮ ያለው የሠራተኛይቱ ኃጢአት እንጂ የእመቤቲቱ አለመሆኑን ልብ በል። ንስሓ የራስን በደል መናገር ስለ ሆነ ያ ክፍል ይቅር። ከዚያም ምን አደረግሁ? በማን ላይ? እውነቱን ካወቅሁ በኋላስ ምን አደረግሁ? ብላ ራስዋን ትጠይቅ። የመጨረሻው ጥያቄ የተሰወረውን ያወጣል፤ ክሱ በስሕተት ሊሆን ይችላል፥ ዝምታው ግን በማወቅ ነው።

እንግዲህ ለካህኑ የምትናገረው እንዲህ ይሆናል፤ «ሠራተኛዬን ሳላጣራ በሰው ፊት ሌባ አልኋት፤ የ2 ወር ደመወዟን ከለከልኋት፤ ንጽሕናዋን ካወቅሁም በኋላ ስለ ክብሬ ብዬ 3 ሳምንት ዝም አልሁ።» ንግግሩ አጭር ነው፤ የጎረቤቶቹ ስምና ወሬ አያስፈልገውም።

ቃሉ እንዲህ ሲጠራ የሚከተለው ሥራም አብሮ ይታያል። ጾሙና ስግደቱ የተያዘውን ደመወዝ አይተኩም። ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለ፥ እርሷም ገንዘቡን ትመልስ፤ ስሟንም ባጠፋችበት በዚያው ጎረቤት ፊት ታንጻ። ሠራተኛይቱ የማትገኝ እንደ ሆነ ግን ራስዋ ከመወሰን ይልቅ የንስሓ አባቷን ትጠይቅ።

ይህን ምርመራ በየማታው በግል ጸሎት ማድረግ በደሉ ሳይረሳ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ማሰርና መፍታት ለካህናት የተሰጠ ሥልጣን ስለ ሆነ በካህን ፊት መናዘዝን አያስቀርም።

የጠፋው ልጅ ለአባቱ የሚናገረውን ያዘጋጀው ገና በሩቅ አገር ሳለ ነበር። በዚያም ቃል ውስጥ ስለ ረኃቡ ወይም ስለ ሌላ ሰው በደል አንዳች አልጨመረም።