«መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሳይሆን «ስንት ቀን አመለጠህ?»

ዛሬ የምጽፈው ስለ አዲስ መድኃኒት አይደለም። በእጃችን ያለውን መድኃኒት በትክክል እንድንወስድ ስለሚያግዘን ሰው ነው።

ተመላላሽ ክፍል ውስጥ በየጊዜው የሚደገም ነገር አለ። የደም ግፊት ታካሚ ይመጣል፣ ሲለካ 170/100 ይሆናል። «መድኃኒትህን ትወስዳለህ?» እንላለን። «አዎ ዶክተር፣ በደንብ ነው የምወስደው» ይላል። መድኃኒቱ አልበቃውም ብለን ሁለተኛ እንጨምራለን። ሰውየው ግን የመጀመሪያውንም የሚወስደው በሳምንት ሦስት አራት ቀን ነበር። አንድ ቀን ደንግጦ ሁለቱንም በትክክል መውሰድ ሲጀምር ግፊቱ ከልክ በታች ይወርድና ከመቀመጫው ሲነሳ ያዞረዋል። ከዚያ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ሁሉንም ይተዋል።

ታካሚው ለምን ዋሸ? እንደኔ ጥያቄያችን ራሱ ውሸት ይጋብዛል። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው «አልወስድም» ማለት ይከብዳል። የቤት ሰው ሲጠይቅም ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ይሄዳል። ስለዚህ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሚያስፈልገው ተቆጣጣሪ ሳይሆን እሱ ራሱ መድኃኒት የሚወስድ ጓደኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ (ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። ሁለቱም ደባርቅ ነው የሚኖሩት። አንዱ ትውልዱ አምባራስ የሆነ፣ ቱሪስት ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ አስጎብኚ ነው። ሌላኛው በዕድሜ የሚበልጡት ልብስ ሰፊ ናቸው። ሁለቱም በቀን አንዴ አምሎዲፒን ይወስዳሉ። የተዋወቁት ተራ ሲጠብቁ ነው። በየሳምንቱ እሁድ ማታ ለአሥር ደቂቃ ለመነጋገር ተስማሙ። ኔትወርክ ከሌለ ሰኞ ጠዋት በአካል፣ ልብስ ስፌቱ ቤት።

ሁለቱም ሰኞ ጠዋት 30 ፍሬ ይዘው ጀመሩ። እሁድ ማታ 23 መቅረት አለበት። አስጎብኚው ሲቆጥር 26 ቀርቶታል፤ ሦስት ቀን አምልጦታል ማለት ነው። ልብስ ሰፊው 25 ቀርቷቸዋል፤ ሁለት ቀን።

ከቁጥሩ በኋላ ነው ምክንያቱ የመጣው። አስጎብኚው በሳንቃበር በኩል ወደ ግጭ ሲወጣ መድኃኒቱን ቤት ትቶት ነበር። ልብስ ሰፊው ደግሞ መድኃኒታቸውን ከቁርስ ጋር ነበር የሚወስዱት። ረቡዕና አርብ ጾም ስለሆነ ቁርስ የለም፤ ቁርስ ከሌለ መድኃኒትም የለም። ይህ ለወራት የቆየ ነገር ነበር፣ ማንም ሐኪም ግን ጠይቋቸው አያውቅም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። አስጎብኚው አንድ ቅጠል መድኃኒት ከባትሪው ጋር በጉዞ ቦርሳው ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ። ልብስ ሰፊው ሐኪማቸውን ጠይቀው የመውሰጃ ሰዓታቸውን ወደ ማታ አዛወሩ። እዚህ ላይ አደራ፣ ሐኪም ሳትጠይቁ ሰዓት አትቀይሩ። ለምሳሌ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ማታ ቢወሰድ ሌሊቱን ሲያመላልሳችሁ ያድራል።

አሁን ወደ ደንቦቹ እንምጣ። ያለ ደንብ የተጀመረ እንዲህ ያለ ጓደኝነት በሁለት በሦስት ሳምንት «እንዴት ነህ? ደህና ነኝ» ሆኖ ይቀራል።

1. ቁጥር ይቅደም፣ ምክንያት ይከተል። «በደንብ እየወሰድኩ ነው» መልስ አይደለም። ፍሬው ይቆጠርና «ሁለት አመለጠኝ» ይባላል። ቀድሞ ምክንያት የሚደረድር ሰው ቁጥሩን ማሳነሱ አይቀርም።

2. ትልቁ ሰው ቀድሞ ይናገር። በኛ አገር ታናሽ ታላቁን «ጋሼ፣ ስንት ቀን ረሱ?» ብሎ መጠየቅ ያፍራል። ታላቁ ራሳቸው «እኔ ሁለት አመለጠኝ፣ አንተስ?» ካሉ ግን እፍረቱ ይሰበራል።

3. ተግሳጽ የለም፣ ቅጣትም የለም። ብዙ ሰው «የረሳ ቡና ይጋብዝ» ማለት ይወዳል። እኔ አልደግፈውም። ዕቁብ ላይ ቅጣት የሚሠራው ብሩ ስለሚታይ ነው፤ ያልከፈለ ሰው መደበቅ አይችልም። መድኃኒት ግን አንድ ፍሬ አውጥቶ መጣል ቀላል ነው። ቅጣት ካለ ቆጠራው ይዋሻል። ያመለጠው ሰው የሚጠየቀው «ምን ገጠመህ? ለዚህ ሳምንት ምን እንቀይር?» ብቻ ነው።

4. የተባለው በሁለቱ መካከል ይቅር። ለሚስት፣ ለባል፣ ለቴሌግራም ግሩፕ አይነገርም። አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ጎረቤት ለጎረቤት በጤና ጉዳይ መነጋገሩ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን ወሬው ወደ ላይ ሪፖርት የሚሆን ሲመስለው ሰው የሚናገረው ላይ የሚፈለገውን እንጂ ቤቱ ያለውን አይደለም።

5. ምስጢር የሚሰበርበት ሁኔታ ግን አስቀድሞ ይነገር። ድንገት የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ፣ ከባድ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ለቤተሰብ ይደወላል፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። እሁድን መጠበቅ የለም።

6. ጓደኛ ሐኪም አይሆንም። መድኃኒት መዋዋስ፣ «የኔ ይሻላል» ብሎ መስጠት፣ መጠን መጨመር ክልክል ነው። የረሳችሁትን በዚያው ቀን ካስታወሳችሁ ውሰዱ፤ በማግስቱ ግን ሁለት አድርጋችሁ አትዋጡ። እግር ካበጠ (አምሎዲፒን ይህን ሊያደርግ ይችላል) ዝም ብሎ ማቆም ሳይሆን ለሐኪም መንገር ነው።

7. የስምንት ሳምንት ውል ይሁን። ሲያልቅ እንቀጥል ወይስ ይብቃ ተባብላችሁ ትወስናላችሁ። ማቆም የሚፈልግ ሰው ያለ ኩርፊያ የሚወጣበት በር ከሌለው በውሸት ነው የሚወጣው።

ነገሩ መበላሸቱን በምን ታውቃላችሁ? ሁለታችሁም ሦስት ሳምንት ሙሉ «ምንም አላመለጠኝም» እያላችሁ ግፊታችሁ ካልወረደ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ቆጠራው እውነት አይደለም፣ ወይ መድኃኒቱ በቂ አይደለም። በመገማመት አትጣሉ። ግፊቱን በትክክል ለኩት፦ ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና ሳትጠጡ፣ አምስት ደቂቃ ተደግፋችሁ ተቀምጣችሁ፣ ክንዳችሁ በልብ ከፍታ ሆኖ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ። ቁጥሩንና የስምንት ሳምንቱን ቆጠራ በወረቀት ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ።

ይህ ወረቀት ለኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። «ሁሉንም ወስጃለሁ፣ ግን 160 ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ያለ ስጋት መድኃኒት እጨምራለሁ። «በሳምንት ሦስት ቀን ያመልጠኛል» የሚል ሲመጣ ግን አልጨምርም፣ ሰዓቱን እናስተካክላለን። ሁለቱም እውነት ከተናገሩ ሁለቱም ይዳናሉ። ሁለቱም «አዎ ዶክተር» ካሉኝ ግን አንዱን እጎዳዋለሁ፣ የትኛውን እንደሆነም አላውቅም።

ሰኞ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ዛሬ መድኃኒታችሁን ቁጠሩና ቁጥሩን የምትነግሩትን ሰው ምረጡ። እናንተ የምታምኑት ማንን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።