ብሎኩን አትውቀሱ፣ ፊቱ ላይ ስንት እንደዋለ ቁጠሩ

የሚቆጣ ይቆጣ፣ ዛሬ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ፎቶን ወደ ቮክሰል፣ ማለትም ከትናንሽ ኩቦች ወደተገጣጠመ ምስል የሚቀይሩ ሰዎች ዋጋ የሚቆርጡልን በጠቅላላው የብሎክ ብዛት ነው። «64 በ64 ነው፣ አሪፍ ይወጣል» ይሉናል። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም ማለት አይደለም።

ለአባቴ ሙት ዓመት አንድ አሠርቼ ነበር። እናቴ ዝም ብላ አየችውና «ይሄ ደግሞ ማነው ልጄ?» አለችኝ። ሠሪው ምን አለ? «ቮክሰል እንዲህ ነው። ካልወደድከው 128 በ128 እናድርገው።» ብሎኩ አራት እጥፍ፣ ዋጋውም አብሮት ይወጣል ማለት ነው።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ፎቶው ከወገብ በላይ የተነሳ ስለሆነ ፊቱ የያዘው የምስሉን ስፋት አንድ አምስተኛ፣ 13 ብሎክ ገደማ ብቻ ነው። የፊት ስፋት ደግሞ በግምት አምስት ዓይን ያህል ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓይን የደረሰው ሦስት ብሎክ እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱ ብሎክ የሚይዘው በውስጡ ያለውን ቀለም አማካይ ነውና የዓይኑ ጥቁረት ከጉንጩ ጋር ተደባልቆ ጠፋ። የተረፈው ብሎክ ሁሉ ኮትና ግድግዳ ላይ አልቋል!

ያንኑ ፎቶ ፊቱ የስፋቱን ሦስት አራተኛ እስኪይዝ ቆረጥኩትና በ32 በ32 ብቻ ሠራሁት። አሁን ፊቱ 24 ብሎክ፣ ዓይኑ አምስት ገደማ አገኘ። ጠቅላላው ብሎክ ግን ከመጀመሪያው ሩብ ነው። እናቴ ቅንድቡን በጣቷ ነካ አድርጋ «እሱ ነው» አለች።

«ታዲያ ብሎኩን እስከቻልነው ለምን አናሳንሰውም?» የሚል አይጠፋም። በጣም ካነሰ ተራ ፎቶ ይሆናል፤ ቮክሰል ለምን አስፈለገ?

መጠኑን መፈተኛ ዘዴ አለ። በ1973 የአሜሪካው ቤል ላብስ ተመራማሪዎች ሊዮን ሃርመንና ቤላ ጁሌዝ የአብርሃም ሊንከንን ፊት በትላልቅ ካሬዎች ከፋፍለው ነበር። ከቅርብ ሲያዩት ካሬ ብቻ ነው፤ ዓይንን ጠበብ አድርገው ወይም ራቅ ብለው ሲያዩት ሊንከን ይወጣል። ፊቱን የሚጋርደው የካሬዎቹ ስለታም ጠርዝ ነበር።

እናንተም እንዲሁ ሞክሩ። ዓይናችሁን ስታጠብቡ ሰውየው ከታየ መረጃው አለ፣ ምስሉን ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ካልታየ ብሎኩ ፊቱን በልቶታል፤ የትም ብትሰቅሉት አይመለስም። ፈተናውን ግን ፎቶውን ላላየ ሰው ስጡት። ሠሪው ፎቶውን አጠገቡ አድርጎ ስለሚሠራ ሁልጊዜም ይታየዋል።

24 ሕግ አይደለም፤ ለቅርብ ዘመድ ያነሰም ሊበቃ ይችላል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ፊቱ ላይ ስንት ብሎክ ይውላል? መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።