«ጊዜ የማይሽረው» የሚሉት ጽሑፍ

የመጽሔት አዘጋጆቻችን የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጡ ርእሶችን በሁለት ጎራ ይከፍላሉ፤ «ጊዜ የማይሽረው» እና «ወቅታዊ»። የመጀመሪያው ይከበራል፤ ሁለተኛው ወር ሳይሞላው የስኳር መጠቅለያ ይሆናል ተብሎ ይናቃል። በወር አንዴ ለሚወጣ መጽሔት ይህ ከነምክንያቱ ነው፤ ዜናው ከማተሚያ ቤት እስኪመለስ ይሻግታል። ነገር ግን ሁለቱም ያረጃሉ። ወቅታዊው እርጅናውን በግልጽ ይዞ ሲዞር፣ ያኛው ሽበቱን ቀለም ቀብቶ ይቀርባል።

አንድ ርእስ እንውሰድ፤ «ከውጭ አገር የተላከልዎትን ገንዘብ እንዴት ይቀበላሉ?» የሚል። በየትኛውም አዘጋጅ ዕቅድ ውስጥ ጊዜ የማይሽረው ተብሎ ይመዘገባል። በ2015 ዓ.ም. የጻፈው ሰው፣ የምንዛሪው ዋጋ በብሔራዊ ባንክ ስለሚመራ በባንኮች መካከል ያለው ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጠርም፣ የሚቀርብዎት ባንክ ይሂዱ ብሎ ቢመክር ትክክል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በዚያው ቀን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 75 ብር ገደማ ዘለለ፤ ባንኮችም ዋጋቸውን በየራሳቸው ያወጡ ጀመር። ያ ምክር በአንድ ጀምበር ሞተ። ሞቱን ግን ማን ያውቃል? ቀን የለበትም፤ አነጋገሩም የተረጋጋ ነው። አንባቢ ያምነዋል፤ የተሻለ ዋጋ የሚሰጠውን ባንክ አልፎ ከደጁ ካለው ይመነዝራል።

በዚያው ሳምንት ስለ አዲሱ ዋጋ የተጻፈውስ? ቁጥሩ በቀናት ውስጥ አለፈበት፤ ዶላሩም ቆይቶ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ነገር ግን ቀኑ ግንባሩ ላይ ስላለ ማንንም አያሳስትም። እንዲያውም ያን ሳምንት ሰው ምን እንዳለና ምን እንደፈራ ማወቅ ለሚሻ ዛሬም ይነበባል። እንደ መመሪያ ሞቶ እንደ ማስረጃ ይኖራል። ይህ ዕድል ለቀን አልባው አልተሰጠም።

ከዚሁ ርእስ ውስጥ በእርግጥ የሚቆይ ክፍል አለ። በባንክና በጥቁር ገበያ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ላኪው ባንኩን ይሸሻል፤ ሲጠብ ይመለሳል። ይህ በ2015ም ከዚያ በኋላም ያው ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ርእሱን በጅምላ «የማይሽረው» ከማለት ይልቅ እያንዳንዱን አንቀጽ ይጠይቀው፤ ይህን ሊሽረው የሚችል ማን ነው? መልሱ «የብሔራዊ ባንክ መመሪያ» ከሆነ፣ «እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባለው አሠራር» የሚለው ሐረግ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ። የመጽሔቱ ሽፋን ላይ ያለው ቀን አይበቃም፤ ጽሑፉ ተቆርጦ ወይም በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ሲዞር ሽፋኑ አብሮት አይሄድም።

«ቀን ካስገባንበት ያረጅብናል» የሚሉኝ አዘጋጆች አሉ። ያረጅባችሁ! ያኔ አንባቢው ሳይመነዝር በፊት ወደ ሁለት ሦስት ባንክ ጎራ ብሎ የዕለቱን ዋጋ ይጠይቃል።