ከወጣህ የምትመለስበትን ሰዓት ተናገር

ሲጣሉ አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ዝም ይላል። እኛ ተመልካቾች ደግሞ ወዲያው እንፈርዳለን፤ የጮኸችው ነገረኛ፣ ዝም ያለው ትዕግሥተኛ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ጣራ ገዳም ግርጌ፣ አዲስ ዘመን ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት ጓደኞች አሉኝ። ስማቸውን አልጠራም፣ ታሪካቸውን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። እሷ ስትናደድ ድምጿ ግቢውን ይሞላዋል፤ አሥር ደቂቃ ከጮኸች በኋላ ይወጣላትና ራት ታቀርባለች። እሱ ሲናደድ ጫማውን ያጠልቅና ወደ ጣራ ገዳም ደን የሚያወጣውን ዳገት ይያያዘዋል። ስልኩ ዝግ ነው።

አንድ ቀን ለሱቋ ዕቃ መግዣ የታሰበውን 15,000 ብር የእቁብ ገንዘብ ሳያማክራት ለወንድሙ አበደረው። የሰማችው ከጎረቤት ነው። ጮኸች፣ ወጣ። 14 ጊዜ ደወለች፣ አይነሳም። ማታ 3 ሰዓት ላይ መጣና ተኛ። ከዚያ በኋላ ለአራት ቀን ከአፉ የወጣው «እሺ» እና «እንጃ» ብቻ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌ ልትጠራ ተነሳች። ልትከሰው ያሰበችው በብሩ ሳይሆን በኩርፊያው ነበር።

በኋላ ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቅኋቸው። እሷ «ሲወጣ የሚመለስ አይመስለኝም፤ ስለዚህ በሩን ሳያልፍ ሁሉንም ልናገር ብዬ እጮኻለሁ» አለችኝ። እሱ ደግሞ «ስትጮህ ጆሮዬ ይደፈናል፤ አፌን ብከፍት የማይሽር ነገር እናገራለሁ ብዬ እፈራለሁ» አለ። አያችሁ? እሱ በሸሸ ቁጥር እሷ ትጮኻለች፣ እሷ በጮኸች ቁጥር እሱ ይሸሻል። ሁለቱም ትዳሩን እያዳኑ ነው የሚመስላቸው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ባለትዳሮች ሲከራከሩ የልብ ምታቸውን በመሣሪያ ይለካ ነበር። ከውጭ ሲታይ ድንጋይ የሆነው ሰው ልቡ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ100 በላይ ሲመታ ተገኝቷል። ዝም ያለው ሰው አልተረጋጋም፤ ውስጡ እየነደደ ነው። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው «ተናገር እንጂ!» ማለት ዋጋ የለውም፣ እየሰማ አይደለማ። ጎትማን የሚመክረው ቢያንስ የ20 ደቂቃ ዕረፍት ነው፤ በዕረፍቱ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱን እያመነዠጉ መቀመጥ ክልክል ነው።

ስለዚህ መውጣቱ ራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ መመለሻ ሰዓት የሌለው መሆኑ ነው። ኢኮኖሚክስ ስማር የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር ሰው የሚጨነቀው በወጪው መጠን ብቻ ሳይሆን ወጪው መቼ እንደሚያበቃ ባለማወቁም ጭምር መሆኑን ነው። የአንድ ሰዓት ዝምታ ይቻላል። ማለቂያው ያልታወቀ ዝምታ ግን በ15ኛው ደቂቃ ያስጮኻል።

ጓደኞቼ ከታረቁ በኋላ፣ ሰላም በነበሩበት ቀን፣ ውል ተዋዋሉ። እሱ ሲወጣ «ወጥቻለሁ፣ 11 ሰዓት እመለሳለሁ» ይላል። አፉ እምቢ ካለው በቴሌግራም ይጽፋል፣ ስልኩንም አይዘጋም። እሷ እስከ 11 ሰዓት አትደውልም፣ አትከተለውም። ሲመለስ ወሬውን የሚከፍተው የወጣው ሰው ነው። ይህቺ የመጨረሻዋ አንቀጽ «ማን ቀድሞ ያናግር?» የሚለውን የኩራት ጨዋታ ዘጋችው።

ከዚያ ቡና ይፈላል፣ ለሁለት ብቻ፤ ጎረቤት አይጠራም። በአቦል እሷ ትናገራለች፣ እሱ የሰማውን መልሶ ይነግራታል። በቶና ተራው የእሱ ነው። በረካ ላይ ስላለፈው ማውራት ይቆምና «አሁን ምን እናድርግ?» ይባላል። ያ የእቁብ ብርም መፍትሔ ያገኘው በረካ ላይ ነው፤ ወንድሙ በየወሩ 3,000 ብር ለእሷ እንዲመልስ ተስማሙ።

መጀመሪያ ላይ ውሉ ከሽፎባቸዋል። እሱ 11 ሰዓት ብሎ 1 ሰዓት መጣ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሷ ቃሉን አላመነችም፣ በር ላይ ቆመች። ውሉ የሚሠራው ሰዓቱ ሲከበር ብቻ ነው። ከዘገየህ «ግማሽ ሰዓት ጨምሪልኝ» ብለህ ጻፍ።

የፌዴራሉ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንኳ ለፍቺ የመጡ ባልና ሚስት እንዲያስቡበት ፍርድ ቤቱ ጊዜ እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ ከሦስት ወር አይበልጥም ብሎ ገደብ አስቀምጦለታል። ሕግ ለዝምታ ቀን ከቆረጠለት ቤታችን ለምን ሰዓት አይቆርጥለትም?

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ጩኸቱ ስድብና ዛቻ ከሆነ፣ እጅ ከተነሳ፣ ወይም ዝምታው «እስክትለምነኝ ድረስ» ተብሎ የሚሰጥ ቅጣት ከሆነ ይህ ውል አይመለከታችሁም። መለያው ቀላል ነው። ለመረጋጋት የወጣ ሰው ሰዓቱን ለመናገር አይቸገርም፤ ሊቀጣ የወጣ ሰው ግን ሰዓቱን መደበቁ ነው ዱላው። በዚያ ቤት በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ቡና ሳይሆን ከለላ ነው።