አኮ ፈርዖን አይደሉም

ይህን ክርክር በአንተም ቤት ሳትሰማው አትቀርም። እኔ የሰማሁት ባቱ ውስጥ ነው፤ ከወጣቶች ጸሎት በኋላ ሁለት ተማሪዎች ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመው ሲከራከሩ። የአንደኛው አያት፣ እሱ «አኮ» የሚላቸው፣ ታመዋል። መጀመሪያ እንጀራው ጉሮሯቸው ላይ ይቆም ጀመር፤ ቀጥሎ ገንፎው፤ አሁን ወተትም በጭንቅ ነው የሚወርድላቸው። አዲስ አበባ ተወስደው በካሜራ ታዩ፣ ናሙና ተወሰደ፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሆነ። በአርሲና በባሌ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሽታ ነው። ሐኪሙ ውጤቱን ለልጆቻቸው ነገራቸው፤ ልጆቹ ደግሞ ለእናታቸው «ጨጓራ ነው» አሏቸው።

«ብንነግራቸው በማግስቱ ይሞታሉ» አለ የልጅ ልጁ። «የእኛ ሰው መርዶ እንኳ በምሽት አይነግርም።»

«በማለዳ ግን ይነግራል» አለች ነርሲንግ የምትማረው ጓደኛው። «ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ። ባህሉ ሰዓትና ሰው ይመርጣል እንጂ ወሬውን አያስቀርም።»

«የግብፅ አዋላጆችስ? ለፈርዖን ዋሽተው አልነበር? እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው።»

«አኮ ፈርዖን ናቸው እንዴ?»

ወንድማችን ዝም አለ፤ ከዚያ ብዙዎቻችን የምንመዘውን የመጨረሻ ሰይፍ መዘዘ፦ «እኛ ድነዋል ብለን በእምነት ተናግረናል። ካንሰር ብለን ብንጠራው እምነታችንን በአፋችን እናፈርሳለን።»

እዚህ ላይ እኔም ገባሁበት። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 20ን አንብብ። ሕዝቅያስ ለሞት ሲታመም እግዚአብሔር ነቢዩን ልኮ ሞቱን ነገረው፤ ቤቱንም እንዲያሰናዳ አዘዘው። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቀሰውና የጸለየው ከዚያ በኋላ ነው፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ኢሳይያስ «ጨጓራ ነው» ቢለው ኖሮ ንጉሡ ስለ ምን ይጸልይ ነበር? የማያውቁት በሽታ ይፈወስልኝ ብለው መለመን አይችሉም። እኛ ግን ለአኮ እየጸለይን አኮን ከጸሎቱ አስወጥተናቸዋል።

ውሸቱ የሚያስከፍለውንም ተመልከት። ሐኪሙ ምግብ በሆዳቸው በኩል በቱቦ እንዲገባላቸው ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አኮ «ለጨጓራ ብላችሁ ሆዴን ልታስቀድዱ?» ብለው እምቢ አሉ። ትክክል ናቸው፤ ለጨጓራ ማንም ሆዱን አያስቀድድም። የሚዋጠው የሞርፊን ሽሮፕም ሕመሙ ተመልሶ እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ ብዙ ጊዜ በየ4 ሰዓቱ፣ በሰዓቱ ነው የሚወሰደው። ጨጓራ አለብኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ሲያመው ብቻ ይጎነጫል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል። ውሸቱን የነገርናቸው እንዳይሠቃዩ ብለን ነበር።

ልጁ ያነሳው ነገር ሁሉ ግን ከንቱ አይደለም። የውብዳር በየነ የተባሉ ኢትዮጵያዊት የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ስላሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጽፈዋል። የዚያ አገር ሐኪም ክፉውን ውጤት ለታማሚው በቀጥታ ይናገራል፤ በእኛ ዘንድ ግን መጀመሪያ የሚሰማው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቤተሰቡም በሐኪሙ ያዝናል። ማዘናቸው ይገባኛል። ብቻዋን የተቀመጠችን አሮጊት በማታውቀው ሰው አፍ «ትሞቻለሽ» ማሰኘት ጭካኔ እንጂ እውነተኝነት አይደለም። ስንት ወር እንደቀረ መቁጠርም የማናችንም ሥራ አይደለም፤ ሐኪሞችም ይሳሳቱበታል።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?» አለኝ ልጁ።

መልሱን የሰጠችው እሷ ነበረች። «ከመናገርህ በፊት ጠይቃቸው። ‹አኮ፣ ሐኪሙ ያለውን ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለአባባ ይነገር?› በላቸው። ለልጄ ይነገር ካሉ አልዋሸሃቸውም፤ ምርጫቸው ነው። ንገረኝ ካሉህ ግን ‹ጨጓራ› የሚለው ቃል ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስርቆት ነው።»

«ይህን አጎቴ ቢጠይቃቸው አይሻልም?»

«አጎትህ ውሸቱን የጀመሩት ናቸው። አንተ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከበር ሰላም ብለህ ነው የምትመለሰው። አጠገባቸው መቀመጥ ለምን እንደከበደህ ታውቀዋለህ።»

ታውቀዋለህ፣ አንተም አንባቢዬ። ዓይናቸውን እያየህ መዋሸት ስለማትችል ትርቃቸዋለህ፤ እነሱ ደግሞ ልጆቼ ሰለቹኝ ይላሉ።

ልጁ በዚያው ሳምንት አባቱን አሳምኖ አብረው ገቡ፤ በማለዳ ነበር። ጠየቋቸው፤ አኮም ልስማ አሉ። ሰምተው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ስለ ሞትም ስለ ቱቦም አልጠየቁም። በመሬት ጉዳይ ከተጣሉ ወዲህ ያልተነጋገሯቸው እህት መቂ ይኖራሉ። «ጥሩልኝ» አሉ።

እህትየው ማክሰኞ መጡ።