«በኑሮ ውድነት ምክንያት» ብቻ አይበቃም

በደማም አል ባዲያ ሠፈርም ሆነ አል ኮባር ውስጥ በሰው ቤት እየሠራሽ፣ ልጅሽን አገር ቤት በግል ትምህርት ቤት የምታስተምሪ እህቴ፣ ይህ ወረቀት ሳይደርስሽ አይቀርም። እናትሽ ወይም እህትሽ ፎቶ አንስታ በዋትስአፕ ትልከዋለች። ከላይ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ከታች ክብ ማኅተም፣ መሀሉ ላይ ደግሞ «በኑሮ ውድነት ምክንያት በወርሃዊ ክፍያ ላይ ጭማሪ ማድረጋችንን እንገልጻለን» የሚል ሁለት መስመር። ከፋይዋ አንቺ ነሽ፤ ስብሰባው ላይ የማትገኚውም አንቺው ነሽ።

ጭማሪ የጠየቀ ትምህርት ቤት ሁሉ ዘራፊ ነው የሚል እምነት የለኝም። ምክንያቱን በቁጥር ሳያስረዳ፣ ለጥያቄ ጊዜ ሳይሰጥ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ግን ወላጅን እንደ ኪስ ብቻ መቁጠር ነው እላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ትምህርት ቤቶችን የሚከታተለው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣንም፣ የክፍያ ጭማሪ ከወላጆች ጋር ውይይት ሊደረግበት እንደሚገባ ደጋግሞ ሲያሳስብ ቆይቷል። ውይይት ማለት ደግሞ ቁጥር አቅርቦ መጠየቅና መመለስ ነው። ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ መሄድ ውይይት አይባልም።

በመጀመሪያ ስለ ራስሽ ገንዘብ አንድ ነገር ላንሣ፤ ሳይታወቅ የሚያዘናጋን እሱ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ሪያል ደግሞ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሠረ ነው፤ 3.75 ሪያል አንድ ዶላር ነው። ስለዚህ ያኔ በባንክ 15 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ሪያል፣ ዶላሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ ወደ 27 ብር ተጠጋ። በወር 3,000 ብር የሚከፈልበት ትምህርት ቤት ያኔ 196 ሪያል ያህል ይወስድብሽ ነበር። ክፍያው 4,200 ብር ቢገባ በአዲሱ ምንዛሬ ከ158 ሪያል አይበልጥም። በብር ሲጨምር በሪያል ቀነሰ ማለት ነው።

«እንግዲያው ምን አጨቃጨቀኝ፣ ልክፈል» የምትል እህት አትጠፋም። እውነት ነው፣ ለእሷ ቀሎላታል። ግን ያ ሪያል የሚሄደው ለትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ ዘይቱም፣ ጤፉም፣ የእናትሽ የቤት ኪራይም አብረው ሽቅብ ወጥተዋል። ከልጅሽ ጎን የሚቀመጠው ልጅ አባት ደግሞ የሚበላው በብር ደሞዝ ነው። ውጭ ያሉ ወላጆች ዝም ብለው በከፈሉ ቁጥር፣ ስብሰባው ላይ የሚናገረው እሱ ብቻውን ይቀራል። ትምህርት ቤቱ ጭማሪውን መለካት ያለበት በራሱ ወጪ ነው እንጂ፣ ከዐረብ አገር በሚመጣው ገንዘብ ውፍረት አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። «የኑሮ ውድነት» እውነት ነው፣ ግን ምክንያት ሆኖ ለመቆም ወደ ወጪ መተርጎም አለበት። የአንድ የግል ትምህርት ቤት ትልቁ ወጪ የመምህራንና የሠራተኞች ደሞዝ ነው። ቀጥሎ፣ ሕንፃው የራሱ ካልሆነ፣ ኪራይ ይመጣል። የቀረው ለመጻሕፍት፣ ለወረቀት፣ ለጥገና፣ ለውሃና መብራት፣ ለመሳሰለው ይውላል። አንድ ትምህርት ቤት ጭማሪ ሲጠይቅ ሦስት ነገር መናገር ይችላል፤ እያንዳንዱ ወጪ ከጠቅላላው ምን ያህሉን ይይዛል፣ በስንት ጨመረ፣ ከዚያም ተደምሮ ስንት መጣ።

ምሳሌ እንሥራ። የማንም ትምህርት ቤት ቁጥር አይደለም፣ ለማስረዳት ያህል የወሰድኩት ነው። ትምህርት ቤቱ ከ3,000 ብር ወደ 4,200 ብር ልጨምር ይላል እንበል፤ ይህ 40 በመቶ ነው። ከሚያወጣው 100 ብር ውስጥ 60 ብሩ ለደሞዝ፣ 20 ብሩ ለኪራይ፣ 20 ብሩ ለሌላው ይሄዳል። ለመምህራን 30 በመቶ ሊጨምር ነው፤ ስለዚህ የደሞዙ 60 ብር 78 ይሆናል። አከራዩ ኪራዩን በግማሽ ከፍ አድርጎበታል፤ 20 ብሩ 30 ሆነ። የቀረው ወጪ በሩብ ጨምሯል፤ 20 ብሩ 25 ሆነ። ሲደመር 133 ብር ይመጣል። ይህ ትምህርት ቤት 33 በመቶ ለምን እንደጠየቀ አስረድቷል ማለት ነው። የጠየቀው ግን 40 ነው።

ያቺ 7 በመቶ ትንሽ ትመስላለች። ከ3,000 ብር ላይ ስትታሰብ ለአንድ ልጅ በወር 210 ብር ናት። ትምህርት ቤቱ 600 ተማሪ ቢኖረውና ክፍያው የ10 ወር ቢሆን፣ በዓመት 1,260,000 ብር ትሆናለች። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው የሚነሣው። መልሱ የግድ መጥፎ አይሆንም፤ ቤተ ሙከራ ሊሠራ ይሆናል፣ ተማሪ ቀንሶበት ያው ኪራይ በጥቂት ልጆች ላይ ተከፋፍሎ ይሆናል፣ ወይም ባለቤቱ ትርፉን ከፍ ሊያደርግ ፈልጎ ይሆናል። ሦስቱም ሊባሉ የሚችሉ መልሶች ናቸው፤ ግን መባል አለባቸው። ቤተ ሙከራ ከሆነ መቼ ያልቃል፣ ካለቀ በኋላስ ያ ገንዘብ ከክፍያው ይቀነሳል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ከምክንያቶቹ ሁሉ እኔ ያለማጉረምረም የምቀበለው የመምህራንን ደሞዝ ነው። በዓመቱ አጋማሽ የሂሳብ አስተማሪው ለተሻለ ደሞዝ ሲለቅ፣ ልጅሽ ሦስት ሳምንት ያለ አስተማሪ ተቀምጦ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ሆኖም «ለመምህራን ልንጨምር ነው» የሚል ማስታወቂያ በስንት እና ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሆነ ካልጻፈ ገና ቃል ብቻ ነው። መስከረም ላይ ተጨምሯል አልተጨመረም የሚለውን ደግሞ ራሳቸው መምህራኑ ያውቁታል፤ ወላጅ ከጠየቃቸው ይናገራሉ።

ታዲያ ደህና ማስታወቂያ ምን ይመስላል? ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ቢል ይበቃኛል፦ «ለሚቀጥለው ዓመት ወርሃዊ ክፍያውን ከ3,000 ወደ 4,000 ብር ለማሳደግ ሐሳብ አቅርበናል። ለመምህራን ከመስከረም ጀምሮ 30 በመቶ ደሞዝ እንጨምራለን፤ የሕንፃው ኪራይ በግማሽ ጨምሯል፤ ሌላው ወጪ በሩብ ከፍ ብሏል። ዝርዝሩ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የመመዝገቢያ፣ የመጽሐፍና የሰርቪስ ክፍያ አይነካም። ጥያቄ ያላችሁ እስከ ግንቦት 20 በጽሑፍ ወይም በድምፅ ላኩልን፤ መልሱን ለሁሉም ወላጅ በቴሌግራም እንለጥፋለን። ከዚያ በኋላ ግንቦት 30 ተሰብስበን እንወስናለን።»

እዚህ ውስጥ ሁለት ቃላት ላይ ዓይንሽን ጣይ። አንደኛው «ሐሳብ አቅርበናል» የሚለው ነው። «ጨምረናል» ካለ ውሳኔው አልቋል፤ ስብሰባው ለወሬ ነው። ሁለተኛው ቀኑ ነው። ግንቦት ላይ የሰማሽ እናት፣ ካልተስማማሽ ልጁን ሌላ ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ፣ ሰኔ ላይ ሪፖርት ካርዱንና መሸኛውን ለማውጣት ጊዜ አለሽ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሰማሽ ግን ሌላው ትምህርት ቤት ሞልቶ፣ ዩኒፎርሙ ተገዝቶ፣ ከመክፈል በቀር ምርጫ የለሽም። ዘግይቶ የሚነገር ጭማሪ በዚሁ ይታወቃል። «የሰርቪስ ክፍያ አይነካም» የሚለው መስመርም ቀልድ አይደለም። ወርሃዊው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ሰርቪሱና መጽሐፉ በጎን እጥፍ ቢሆኑ፣ ከኪስሽ የሚወጣው ያው ነው። ስለዚህ የምትጠይቂው ድምር የዓመቱን ነው።

«ጥያቄ ያለው ወላጅ በሥራ ሰዓት ቢሮ ይምጣ» የሚለውን ደግሞ አንቺ ምን ታደርጊዋለሽ? ስብሰባው ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ነው። የእኛና የአገር ቤት ሰዓት አንድ ቢሆንም፣ በዚያ ሰዓት አንቺ የማዳምሽን ልጆች ቁርስ እያበላሽ ነው። አንቺን ተክታ የምትሄደው እናትሽ ናት። በር ላይ የመገኘት ፊርማ ትፈርማለች፣ ብዙ ቁጥር ይነበባል፣ ማንበብ ካልቻለች ጎረቤቷን ትጠይቃለች። ማታ ስትደውዪላት «ተስማምተናል መሰለኝ» ትልሻለች። በእናትሽ አልፈርድም። የመገኘት ፊርማና የስምምነት ፊርማ ግን በተለያየ ወረቀት ላይ መሆን አለባቸው፤ ከመፈረሟ በፊት ከላይ የተጻፈውን ሰው እንዲያነብላት ንገሪያት። ትምህርት ቤቱ የልጅሽ አሳዳጊ ብሎ የመዘገበው ማንን እንደሆነም አስቀድመሽ አጣሪ፤ ስሟ በመዝገቡ ላይ ካልሰፈረ ስትጠይቅ «አንቺ ማነሽ» ሊሏት ይችላሉ።

ከስብሰባው በፊት ባለው ምሽት፣ የቤቱ ሥራ ሲያልቅ፣ አንድ የድምፅ መልእክት ቅጂላት። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እሷም ትረሳዋለች። «እማዬ፣ እነዚህን ጠይቂልኝ፤ ከጭማሪው ውስጥ ለመምህራን የሚሄደው ስንት ነው? ከወርሃዊው ሌላ የሚጨምር ክፍያ አለ ወይ? ዘንድሮ ከጨመሩ በሚቀጥለው ዓመትም ይጨምራሉ ወይ?» በያት። መልእክቱን ለርዕሰ መምህሩም ላኪው። ስብሰባው ላይ ስልኳን ከፍታ የአንቺን ድምፅ ብታሰማም ነውር የለውም፤ ከፋይዋ አንቺ ነሽ።

መልስ ካልተገኘ ወይም በጥያቄው ምክንያት ልጁ ላይ ፊት ከጠቆረበት፣ አዲስ አበባ ላሉት ባለሥልጣኑ በየክፍለ ከተማው ቢሮ አለው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ጅማ ያሉት ደግሞ ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ። አቤቱታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በእጅ ኖሮ ነው፤ ስለዚህ ያንን በዋትስአፕ የመጣልሽን ፎቶ አታጥፊው። የትምህርት ቤቱ መልስ በቴሌግራም ከተለጠፈም ከነቀኑ ፎቶ አድርገሽ አስቀምጪ፤ መስከረም ላይ የመጀመሪያው ደረሰኝ ሲላክልሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ታነቢያቸዋለሽ።