መጀመሪያ የተጠራው ቁጥር

የሰው አእምሮ ፈጥኖ መፍረድ ሲኖርበት አቋራጭ ይፈልጋል። አንዱ አቋራጭ፣ ቶሎ ትዝ የሚለውን ነገር አዘውትሮ እንደሚከሰት አድርጎ መቍጠር ነው። የአውሮፕላን አደጋ ዜና የሰማ ሰው በማግስቱ ከመኪና ይልቅ አውሮፕላንን የሚፈራው ለዚህ ነው። ሌላው አቋራጭ የበለጠ ስውር ነው፤ መጀመሪያ የተሰማ ቁጥር፣ መልሕቅ መርከብን እንደሚይዝ ሁሉ፣ ግምትን ይዞ ያስቀራል።

የሥነ ልቡና ሊቃውንቱ አሞስ ትቨርስኪ እና ዳንኤል ካነማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን በቀላል ሙከራ አሳይተዋል። ሙከራው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ስለሚፈልግ ማንኛውም ክፍል ሊደግመው ይችላል። በግማሾቹ ወረቀቶች ላይ 1×2×3×4×5×6×7×8፣ በቀሩት ላይ ደግሞ 8×7×6×5×4×3×2×1 ተብሎ ይጻፋል። ወረቀቶቹ በደንብ ተደባልቀው፣ ጽሑፋቸው ወደ ታች ተደፍቶ ይታደላሉ። በረድፍ ከታደሉ ጓደኛሞች አብረው ስለሚቀመጡ፣ ልዩነቱ ከቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ይምጣ ከተማሪዎቹ ችሎታ መለየት አይቻልም። ተማሪዎቹ በ5 ሴኮንድ ውስጥ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ግምታቸውን ይጽፋሉ።

ከዚያም የየቡድኑ መልሶች ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረው መካከል ላይ የሚውለው ይወሰዳል። አማካይ የማይወሰደው አንድ ሚሊዮን የጻፈ አንድ ተማሪ ውጤቱን ሁሉ ስለሚያዛባ ነው። በ1974ቱ ጽሑፍ ከ1 የጀመሩት ተማሪዎች የመካከል ግምት 512፣ ከ8 የጀመሩት 2,250 ነበር። ትክክለኛው መልስ 40,320 ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚባዙት የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ 1×2×3×4 የሚሰጠው 24 ሲሆን 8×7×6×5 ግን 1,680 ነው። ግምቱ ከዚያ ተነሥቶ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በቂ ርቀት አይሄድም።

ተማሪዎቹ ጥቂት ከሆኑ ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ለማጣራት መልሶቹ ሁሉ ተደባልቀው በዕጣ እንደገና ለሁለት ይከፈላሉ። ይህ ሃያ ጊዜ ሲደገም ያንኑ የሚያህል ልዩነት ደጋግሞ ከመጣ፣ ከሙከራው የሚጨበጥ ነገር የለም።

ዕውቀት ብቻውን ከመልሕቁ አያስጥልም። እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ ጥናት፣ በአሪዞና የቤት ሽያጭ ባለሙያዎች አንድን ቤት ጎብኝተው ሲገምቱ፣ በወረቀት ላይ የተሰጣቸው የመጠየቂያ ዋጋ ግምታቸውን ወደ ራሱ ስቦታል፤ አብዛኞቹ ግን ዋጋውን ከቁም ነገር እንዳልቈጠሩት ተናግረዋል። እነርሱ እንዲህ ከሆኑ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ በስልክ የአዲስ አበባ ቤት የሚገዛ ሰው ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ደላላው ከጠራው ዋጋ ብዙ በማስቀነሱ ይደሰታል፤ ቤቱ በእርግጥ ስንት እንደሚያወጣ ግን አልመረመረም።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች «ተጠንቀቁ» ከማለት ይልቅ የሥራ ቅደም ተከተል ቢያስተምሩ ይሻላል፦ በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ዋጋ መጠየቅ፣ የራስን ግምት በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሻጩን «ስንት ነው?» ማለት።